የሞተው ሳሻ የትኛው ነው? ስሞቹ ተምታቱብኝ፣ እርዱኝ

ሰብለ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ማታ የንባብ ቡድናችን ውይይት አለው፣ እኔ ግን ሁለተኛው ቅጽ ላይ ጠፍቻለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ የሚካሄድ ወፍራም ልቦለድ ነው፤ በስልኬ በእንግሊዝኛ ነው የማነበው። አሁን አንድ ደብዳቤ መጣና «ሳሻችንን ትኩሳት ነጠቀን» ይላል። ሳሻ የሚባለው ሰውዬ ማን ነው? አሌክሳንደር ኢቫኖቪች አለ፣ አሌክሳንደር አሌክሳንድሮቪች አለ፣ ኢቫን አሌክሳንድሮቪችም አለ። ከመጀመሪያው ልድገመው እንዳልል ጊዜ የለኝም።

ናቲ፦ ዝም ብለሽ ቀጥዪ። ዋና ዋናዎቹ ደጋግመው ስለሚመጡ ሳትፈልጊ ትለያቸዋለሽ። የቀሩት ደግሞ ቢጠፉብሽም ምንም አይጎድልብሽም።

ሰብለ፦ ናቲ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የምቀጥለው?

ዮናስ፦ ስሞቹን ቀይሪያቸዋ! ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለያየ የመጀመሪያ ፊደል ስጪው። አንዱ በ«አ» ከጀመረ ሌላው በ«መ» ይጀምር። አንባቢ እንዳይደናገር ትልቁ መላ ይሄ ነው።

ናቲ፦ ዮናስ፣ እሷ አንባቢ ናት እንጂ ደራሲ አይደለችም 😄

ቤዛ፦ ሳሻ የሴት ስም ነው። ስለዚህ ከዘረዘርሻቸው ወንዶች መሃል አይደለም። ለሚቀጥለው ደግሞ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ተጠቀሚ፤ ለአንዱ ቤተሰብ ቢጫ፣ ለሌላው ሰማያዊ።

እትዬ አልማዝ፦ ቤዛዬ፣ ግማሹን አግኝተሽዋል። ሳሻ አሌክሳንድራ ለምትባል ሴትም አሌክሳንደር ለሚባል ወንድም የሚሆን የቤት ስም ነው። ሰብለ ልጄ፣ አንቺም ወንድ ነው ብለሽ መነሳትሽን ለጊዜው ተዪው። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው? የተጻፈውስ ለማን ነው? ኢቫን አሌክሳንድሮቪች ሽማግሌ ነው ወይስ ወጣት?

ሰብለ፦ እትዬ፣ የጻፈችው ማሪያ ፔትሮቭና ናት። የአሌክሳንደር ኢቫኖቪች ሚስት ትመስለኛለች። ደብዳቤው «ውድ አሌክሳንድራ ኢቫኖቭና» ብሎ ይጀምራል፤ እሷን ጭራሽ አላስታውሳትም። ኢቫን ወጣት መኮንን ነው።

ተመስገን፦ ስልክ ላይ ከሆነ ፍለጋው ውስጥ ሳሻ ብለሽ ጻፊና መጀመሪያ የመጣበትን ቦታ ክፈቺ። አለቀ።

እትዬ አልማዝ፦ የተመስገን ምክር ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉውን ስም አትጻፊ። Sash ብለሽ ብቻ ፈልጊ፤ ሳሸንካም ሳሽካም አብረው ይወጣሉ። ወገብ ላይ የሚታሰረው መቀነትም በእንግሊዝኛ sash ስለሚባል ይቀላቀልብሻል፣ እሱን እለፊው። መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ብቻም አይበቃም። ሁለት ሳሻ ካለ የሁለተኛው መግቢያ መሃል ላይ ነው የሚሆነው። በየቦታው «ማን ነው እንዲህ ብሎ የጠራው?» ብለሽ እዪ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። መሃል ላይ ያለው ስም የአባት ስም ነው። የኢቫን ልጅ ወንድ ከሆነ ኢቫኖቪች፣ ሴት ከሆነች ኢቫኖቭና ይባላል። ስለዚህ አሌክሳንደር ኢቫኖቪችና አሌክሳንድራ ኢቫኖቭና ምናልባት ወንድምና እህት ናቸው። ምናልባት ያልኩት ኢቫን የሚባል አባት ብዙ ስለሆነ ነው፤ ፍለጋው ያረጋግጥልሻል። አግብታ ከሆነ የቤተሰብ ስሟ ወደ ባሏ ይዞራል፣ የአባቷ ስም ግን እስከ መጨረሻው አብሯት ይኖራል። ሴትን በመጀመሪያ ስሟና በአባቷ ስም ያዢያት የምለው ለዚህ ነው። የጠፋችብሽም መጀመሪያ ላይ በአንድ የቤተሰብ ስም አግኝተሻት አሁን በሌላ ስለመጣች ሊሆን ይችላል።

ኢቫን አሌክሳንድሮቪች ወጣት ከሆነ የአሌክሳንደር አሌክሳንድሮቪች ወንድም ነው ብለሽ ገምቺ። የሱ የቤት ስም ቫንያ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ይውጣ። አሌክሳንድራም ትውጣ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ለእሷ ነውና። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ባልና ልጅ።

ቤዛ፦ እንዴ! እና ከሁለቱ የትኛው?

እትዬ አልማዝ፦ ደብዳቤው ውስጥ ባሏን ምን ብላ እንደምትጠራው እዪ። በመጀመሪያ ስምና በአባት ስም መጥራት የአክብሮት ነው፤ የቤት ስም የቅርበት ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ «አሌክሳንደር ኢቫኖቪች ከክፍሉ አልወጣም» የሚል ዓይነት ነገር ካለ፣ የሞተው ልጁ ነው። ስለ ባሏ አንድም ቃል ከሌለ ግን አትቸኩዪ። ሚስት ባሏን ሳሻ ልትለው ትችላለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ቅጽ ፈልጊና እሷ «ሳሻ» ያለችው ማንን እንደነበር እዪ።

ናቲ፦ ኢንተርኔት ላይ የቤተሰብ ሐረግ የተሳለባቸው ገጾች አሉ እኮ። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?

ተመስገን፦ እሱን እንዳትነኪ! ሐረጉ ማን ማንን እንዳገባና ማን እንደሞተ አብሮ ነው የሚነግርሽ። አንዳንድ እትም ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው የገጸ ባሕርያት ዝርዝርም እንደዚያው ነው።

ኤልሳ፦ እኔ ያስቸገረኝ የሩሲያ አልነበረም። አንድ ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድበት የቤተሰብ ታሪክ ነበር። ስሙ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ጻፍኩበት። ችግሩ፣ ከመሃል ያልታወቀ አጎት ሲመጣ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ከቁጥር ይልቅ የአባቱን ስምና አንድ ምልክት መጻፍ ጀመርኩ፤ ጠባሳ ያለበት፣ ዓሣ አጥማጁ፣ እንደዚያ።

ቤዛ፦ ባለቀለም ተለጣፊ ነው ያልኩት እኮ።

ተመስገን፦ ስልኳ ላይ ትለጥፈው?

እትዬ አልማዝ፦ ኤልሳ ልክ ናት። ሰብለዬ፣ ለቀረው ቅጽ አንድ ወፍራም ወረቀት ለሁለት እጠፊና ስታነቢ አጠገብሽ አኑሪው። በፊደል ተራ አትጻፊ፣ በቤት በቤት ጻፊ። የፊደል ተራ አሌክሳንደሮችን ሁሉ አንድ ላይ ያጉራቸዋል፤ ያምታታሽም እሱ ነው። እስካሁን ከነገርሽኝ እንዲህ ይወጣል፦

*የማሪያ ቤት*
*አሌክሳንደር ኢቫኖቪች፣ ባል፣ ሳሻ (ማን ይለዋል?)*
*ማሪያ ፔትሮቭና፣ ሚስት*
*አሌክሳንደር አሌክሳንድሮቪች፣ ልጅ?፣ ሳሻ (ማን ይለዋል?)*
*ኢቫን አሌክሳንድሮቪች፣ ልጅ?፣ መኮንን፣ ቫንያ*

*ሌላ ቤት*
*አሌክሳንድራ ኢቫኖቭና፣ የባል እህት?*

የጥያቄ ምልክቶቹን አታጥፊ፤ ያረጋገጥሽውን ከገመትሽው የሚለዩልሽ እነሱ ናቸው። በእርሳስ ጻፊ፤ ጋብቻ ሲመጣ ሴቷ ቤት ትቀይራለች። ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አይግባ። ስሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ብቻ አስገቢው፤ አለዚያ ግብዣ ላይ አንዴ የታየ እንግዳ ሁሉ ቦታ ይፈጅብሻል።

ናቲ፦ እሺ፣ ይሄን ሁለተኛ ጊዜ የምትሉትን ወድጄዋለሁ። ግን መጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አንዴ ታይቶ 400 ገጽ ቆይቶ የሚመለስስ?

እትዬ አልማዝ፦ እሱ ያመልጣል፣ ልክ ነህ። ስልክ ላይ ከሆነ ፍለጋው ያመጣዋል። የወረቀት መጽሐፍ ከሆነ እኔ የኋላ ሽፋኑ ውስጥ ስሙንና ገጹን ብቻ እጽፋለሁ፤ የተዋስኩት መጽሐፍ ሲሆን ግን ይሄም አይሠራም።

ቤዛ፦ ሰብለ፣ ደብዳቤው ላይ ባሏን ጠቅሳዋለች ወይ? እኛም ጓጓን እኮ።

ዮናስ፦ አሁን ገባኝ፣ እያነበበች ነው ለካ። ቢሆንም ደራሲው ስሞቹን ቢለያያቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ተመስገን፦ ዮናስ፣ አባትና ልጅ አንድ ስም መያዛቸው እዚያ አገር የተለመደ ነው። ደራሲው ሆን ብሎም ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤውን የሚቀበሉት ሰዎችም እንደ ሰብለ ለአፍታ እንዲደናገሩ።

እትዬ አልማዝ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን አሌክሳንድራ ኢቫኖቭና የምትደናገር አይመስለኝም፤ የገዛ ወንድሟን ቤት ታውቃለች። ሰብለ፣ ቀጣዩን ምዕራፍ ክፈቺና ሐዘን ልብስ የለበሰው ማን እንደሆነ እዪ።