የኮምፓሬተሬ የላይኛው ገደብ ለምን ከስሌቱ አነሰ?

ሰላም፣ ኤሌክትሮኒክስ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ሲመሽ በራሱ የሚበራ የግቢ መብራት እየሠራሁ ነው። የብርሃን ሴንሰሩ ቮልቴጅ ወደ ኤልኤም393 ኮምፓሬተር ኔጌቲቭ መግቢያ ይሄዳል። መብራቱ ምሽት ላይ ብልጭ ድርግም እንዳይል ሁለት ገደብ እንዲኖረው አደረግኩ።

ፖዘቲቭ መግቢያው ላይ ሦስት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አሉ። R1 ወደ 5 ቮልት፣ R2 ወደ ግራውንድ፣ R3 ደግሞ ወደ መውጫው ይሄዳል። መውጫውን ከ5 ቮልት የሚያገናኘው Rp ም 10 ኪሎ ነው።

መውጫው ከፍ ሲል R3 ከ R1 ጋር ፓራለል ስለሚሆን 3.33 ቮልት ጠበቅኩ። ዝቅ ሲል ከ R2 ጋር ስለሚሆን 1.67። ስለካው ታችኛው 1.7 ነው፣ እሺ። ላይኛው ግን 3.0! መውጫውም ከፍ ሲል 4 ቮልት ላይ ይቆማል።

የጠረጠርኩት Rp ን ነው። ይህ ቺፕ መውጫውን ወደ ታች ብቻ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ከፍ ሲል Rp ከ R3 ጋር በተከታታይ ይደመራል፦

```
VH = 5 × R2 / (R2 + R1∥(R3+Rp)) = 3.0
```

ልክ ገጠመ። አሁን Rp ን 1 ኪሎ ላድርገው ወይስ ሦስቱን ወደ 100 ኪሎ ላሳድግ? ሁለቱም 3.28 ይሰጣሉ። በ1 ኪሎ ግን መውጫው ዝቅ ሲል ወደ 5 ሚሊ አምፒር ይስባል፤ ዳታሺቱ ዋስትና የሚሰጠው ለ6 ብቻ ነው። 100 ኪሎ ደግሞ ከሪሌው አጠገብ ኖይዝ እንዳያመጣብኝ ፈራሁ። እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ?