ላሜ ማመስኳት ቀነሰች፤ ጭዱንና ድብልቁን እንዴት ላመጣጥን?

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንዲት ዲቃላ ላም አለችኝ፤ ከወለደች 5 ሳምንቷ ነው። በቀን 14 ሊትር ትታለብ ነበር። የጤፍ ጭድ 4 ኪሎ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የደቀቀ በቆሎ ተደባልቆ ደግሞ 5 ኪሎ ነበር የምሰጣት። ወተቱ ይጨምራል ብዬ ድብልቁን በ3 ቀን ውስጥ 9 ኪሎ አደረስኩት፤ ያውም ጠዋትና ማታ ብቻ። ስህተቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

በሳምንቱ እበቷ ቀጠነ፤ አረፋም ያዘ። ተኝታ ማመስኳቷ ቀነሰ። አንድ ቀን ትበላለች፣ በማግስቱ ትተዋለች። ወተቱ 10 ሊትር ገባ፤ ቅቤውም አነሰ። ያያት የእንስሳት ሐኪም ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ በዝቷል አለኝ።

ድብልቁን ወደ 5 ኪሎ መለስኩት። ጭዱን አስቀድሜ፣ ድብልቁን በ4 ጊዜ ከፍዬ እሰጣታለሁ። ቤኪንግ ሶዳም በቀን 100 ግራም እጨምርበታለሁ። በ8ኛው ቀን እበቷ ጠጠር አለ፤ ማመስኳቷም ተመለሰ። ወተቱ ግን 11 ሊትር ላይ ቆሟል፤ እሷም እየከሳች ነው። ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።

አሁን ጥሩ ድርቆሽ አግኝቻለሁ፤ ከጭዱ ጋር በቀን 7 ኪሎ ይደርሳል። ክብደቷ በሜትር ሲለካ 400 ኪሎ ገደማ ነው። ድብልቁን በየስንት ቀኑ ምን ያህል እየጨመርኩ፣ እስከ ስንት ኪሎ ባደርሰው ጨጓራዋ ይችለዋል?