የ6.3 ኪሎ ቮልት ኒውትራላችን ከመሬት ጋር አልታሰረም፤ ኬብል ላይ ኧርዝ ሲፈጠር ሌላ ሞተር ተቃጠለብን

ሺፍት ኤሌክትሪሺያን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ከ132 ኪሎ ቮልት በ20 ኤምቪኤ ትራንስፎርመር ወርዶ ትልልቆቹ ሞተሮች በ6.3 ኪሎ ቮልት ይሠራሉ። ኒውትራሉ ከምንም ጋር አልታሰረም። ባለፈው ሳምንት ማታ የኧርዝ አላርም ጮኸ። ማኑዋሉ ለ2 ሰዓት መሥራት ይቻላል ስለሚል ማምረት ሳናቆም የተበላሸውን መስመር ስንፈልግ 5 ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ የጥሬ ዕቃ ወፍጮው ሞተር ተቃጠለ፤ የክራሸሩ ብሬከርም በዚያው ቅጽበት አብሮ ትሪፕ አደረገ። ጠዋት ስናየው የክራሸሩ ኬብል ጆይንቱ ላይ ከስሏል። ሞተሩ ግን ከዚያ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል! አሁን አንዱ ኒውትራሉን ቀጥታ እሰሩት ይላል፣ ሌላው በሬዚስተር፣ ሦስተኛው እንዳለ ተዉት። የትኛውን ልያዝ? ኬብላችን ተደምሮ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ኢንስታሌሽን 7
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የኧርዝ ሬዚስታንሳችሁን ለካ። ከ5 ኦም በላይ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። እኛ ጋ 11 ኦም ነበር፤ ጉድጓዱን ቆፍረን ከሰልና ጨው ሞልተን፣ ሮድ ጨምረን 3 አወረድነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

የሰብስቴሽን ልጅ
እኔ ቀጥታ እሰሩት ነው የምለው። 132ቱም 400 ቮልቱም ቀጥታ የታሰሩ ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው 6.3 ለምን ይለያል? ቀጥታ ሲታሰር አንዱ ፌዝ መሬት ቢነካ የሁለቱ ጤነኛ ፌዞች ቮልቴጅ ብዙም አይነሳም፣ ብሬከሩም ወዲያው ይከፍታል። የእናንተን ሞተር የገደለው የቮልቴጁ መነሳት ነው። ሬዚስተርም ቢሆን ቮልቴጁን ያወርደዋል፣ ግን ተጨማሪ ዕቃ ነው፣ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ሰናይት ፕሮቴክሽን
ቮልቴጁን በተመለከተ የሰብስቴሽን ልጅ ግማሹን ትክክል ብለሃል። አንድ ፌዝ ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካ፣ ኒውትራሉ ባልታሰረ ሲስተም ላይ ጤነኞቹ ፌዞች ወደ መሬት ያላቸው ቮልቴጅ ከ3.6 ተነስቶ 6.3 ኪሎ ቮልት ይሆናል። በሬዚስተር የታሰረ ሲስተም ላይም ያው 6.3 ነው፤ ሬዚስተሩ ይህን አያወርደውም። ቀጥታ የታሰረ ላይ ብቻ ነው ወደ መደበኛው ተጠግቶ የሚቆየው።

ቀጥታ ማሰር ግን ለሞተር ጥሩ አይደለም። 20 ኤምቪኤ፣ ኢምፒዳንሱን 10 በመቶ ብንይዝ የኧርዝ ፎልቱ ከረንት ከሦስት ፌዝ ሾርት ጋር ተቀራራቢ ይሆናል፤ 18 ኪሎ አምፔር ገደማ ማለት ነው። አንድ ኮይል ወደ ብረቱ ቢያፈስ፣ ብሬከሩ በ0.1 ሰከንድ ቢከፍት እንኳ የስታተሩን ስስ ብረቶች አቅልጦ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ኮይል በማስጠቅለል ይመለስ የነበረ ሞተር ስታተሩ በሙሉ ይጣላል።

ሺፍት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእነዚያ 5 ሰዓታት የፓኔሉ ቮልት ሜትሮች ምን ያሳዩ ነበር? የታመመው ፌዝ ዜሮ ላይ ተኝቶ ነበር ወይስ መርፌው ይንቀጠቀጥ ነበር?

ሺፍት ኤሌክትሪሺያን (ጠያቂ)
ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዴ ዜሮ ይደርሳል፣ ተመልሶ ወደ 2 ይዘላል። የሌሎቹም መርፌ 6 አካባቢ ይርገበገብ ነበር። እኛ ሜትሩ የተበላሸ መስሎን ነበር።

ሰናይት ፕሮቴክሽን
ሜትሩ ጤነኛ ነበር። ፌዙ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ቢሆን መርፌው ዜሮ ላይ ይተኛ ነበር። የሚንቀጠቀጥ መርፌ ማለት ጆይንቱ ውስጥ አርክ እየጠፋ መልሶ እየተነሳ ነው። ሞተርህንም ያዳከመው ይሄ ነው።

አርኩ በጠፋ ቁጥር ኬብሉ ውስጥ የቀረው ቻርጅ መውጫ የለውም፤ ኒውትራሉ ከቦታው ተገፍቶ ይቀራል። አርኩ መልሶ ሲነሳ በተገፋው ላይ ይደመራል። በዚህ አካሄድ ጤነኞቹ ፌዞች ላይ ከመደበኛው ፌዝ ቮልቴጅ 3 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚደርስ ቅጽበታዊ ቮልቴጅ ይነሳል። ቅጽበታዊ ስለሆነ የፓኔሉ ሜትር አያሳየውም። ለ5 ሰዓት ሲደበደብ በመላው 6.3 ላይ በጣም የደከመው ኢንሱሌሽን ቀድሞ ይበሳል፤ 1 ኪሎ ሜትር ቢርቅም ባሱ አንድ ነው። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ፌዞች ሁለት ቦታ መሬት ነክተዋል ማለት ነው። ይህ በመሬት በኩል የሚዞር የፌዝ ለፌዝ ሾርት ስለሆነ ሁለቱም ብሬከሮች አብረው ትሪፕ አደረጉ።

የሬዚስተሩ ዋና ሥራ ያንን የታሰረ ቻርጅ ማፍሰስ ነው። እንዲያፈስ ግን በእሱ የሚያልፈው ከረንት ቢያንስ የሲስተሙን የካፓሲታንስ ከረንት ማከል አለበት። የኬብላችሁን መጠን አላውቅም፤ በኪሎ ሜትር 0.33 ማይክሮ ፋራድ ልያዝ፦

```
C  = 12 × 0.33 = 3.96 µF (በአንድ ፌዝ)
Ic = 3 × 2π × 50 × C × 3637 V ≈ 13.6 A
```

ሞተሮቹ ተርሚናል ላይ ሰርጅ ካፓሲተር አለ?

ሺፍት ኤሌክትሪሺያን (ጠያቂ)
አዎ፣ ስድስት ሞተሮች ላይ አለ። ኔምፕሌቱ በፌዝ 0.5 ማይክሮ ፋራድ ይላል። የፓወር ፋክተር ካፓሲተር ባንክም አለን፤ እሱስ ይቆጠራል?

ሰናይት ፕሮቴክሽን
የባንኩ መሀል ነጥብ ኧርዝ ካልተደረገ አይቆጠርም። ሰርጅ ካፓሲተሮቹ ግን ከፌዝ ወደ መሬት ስለሆኑ በደንብ ይቆጠራሉ። ስድስቱ 3 ማይክሮ ፋራድ ይጨምራሉ፤ በከረንት 10 አምፔር ያህል። ጠቅላላው 24 አምፔር ገደማ ሆነ። ኬብሉን ብቻ ቆጥራችሁ የ15 አምፔር ሬዚስተር ብትገዙ ገንዘቡ ይወጣል፣ አርኩ ግን ቮልቴጁን ማንሳቱን አይተውም።

24 አምፔር ደግሞ ያለ ሬዚስተርም ቢሆን በተበላሸ ሞተር ውስጥ ለሰዓታት የሚተው ከረንት አይደለም። ከ10 አምፔር በላይ ከሆነ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ አላርም ብቻ ሰጥቶ መሥራት የሚባለው ምርጫ ለእናንተ ተዘግቷል፤ በመጀመሪያው ፎልት መክፈት ያስፈልጋል። ለዚህ እኔ 100 አምፔር፣ ለ10 ሰከንድ የሚችል ሬዚስተር እመርጣለሁ፤ 3637 ለ100 ሲካፈል 36 ኦም ያህል ነው። ከጠቅላላው ካፓሲታንስ ጋር ስታሰላው አብዛኛው ቻርጅ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈሳል። የሳይክሉ ግማሽ 10 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ አርኩ ተመልሶ ከመነሳቱ በፊት ኒውትራሉ ቦታው ገብቷል።

ጤነኞቹ ፌዞች ለጊዜው 6.3 መድረሳቸው አይቀርም። ግን ለ5 ሰዓት ሳይሆን ለሰከንድ ክፋይ ነው፤ የሞተር ኢንሱሌሽን ያን ይችላል።

ኢንስታሌሽን 7፣ ያንተ የኧርዝ ሮድ ሬዚስታንስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ 3 ኦም ብታደርሰውም አርኩ ያነሳው ቮልቴጅ አይቀንስም። ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት በሰው ደኅንነት ላይ ነው። ከፎልቱ 100 አምፔር ሙሉ በሙሉ በ1 ኦም መሬት ውስጥ ቢያልፍ 100 ቮልት ይፈጥራል። ቀጥታ ታስሮ በሺዎች አምፔር ቢሆን ግን የሞተሩን ቦዲ የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት አስበው።

ኢንስታሌሽን 7
ገባኝ፤ ጥያቄውን በሌላ አንብቤዋለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ሺፍት ኤሌክትሪሺያን (ጠያቂ)
ዛሬ ሬዚስተሩን የት እንደምንሰካ ለማየት ትራንስፎርመሩ ጋ ወጣሁ። በ6.3 በኩል ሦስት ተርሚናል ብቻ ነው ያለው፣ ኒውትራል የሚባል የለም። ኔምፕሌቱ `YNd11` ይላል።

አባ ኬብል
ልጄ፣ በ6.3 በኩል ዴልታ ነው፤ ኒውትራሉ ተደብቆ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ቀጥታ እሰሩት ያለህም ሰው የሚያስርበት ነጥብ አያገኝም ነበር። ዚግዛግ ኧርዚንግ ትራንስፎርመር ትገዛላችሁ፣ ሬዚስተሩ በእሱ ኒውትራል ላይ ይንጠለጠላል። ሲቻል በትራንስፎርመሩና በዋናው ብሬከር መካከል አስገቡት። ባሱ ላይ በራሱ ብሬከር ካስገባችሁት ያ ብሬከር የተከፈተ ቀን ማንም ሳያውቅ ወደ ድሮው ሲስተም ተመልሳችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በ22 ዓመት ሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በእያንዳንዱ ኬብል ላይ ቀለበት ሲቲ ትገጥማላችሁ። ኬብሉ በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ በኋላ የመዳብ ስክሪኑ ተነጥሎ ወደ ኧርዝ ባሩ ይሄዳል። ያንን የስክሪን ሽቦ መልሳችሁ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉት። ካላሳለፋችሁት ኬብሉ ውስጥ ፎልት ሲፈጠር በኮንዳክተሩ የሄደው ከረንት በስክሪኑ በኩል በዚያው ቀለበት ይመለሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ፣ ሪሌዩም ምንም አያይም። አንድ ቦታ ሬዚስተሩ እስኪግል ድረስ አንድም ፊደር አልከፈተም ነበር። የቀለበቶቹ ስክሪን ሽቦ በሙሉ በውጭ ነበር የታሰረው።

ከገጠማችሁ በኋላ በፕራይመሪ ሞክሩት። በቀለበቱ ውስጥ ሽቦ አሳልፋችሁ ከሪሌዩ ሴቲንግ ትንሽ የሚበልጥ ከረንት ላኩ፤ ሪሌዩ ብሬከሩን ሲጥል በዓይናችሁ እዩት። የሪሌዩን ቴስት በተን ብቻ ተጭኖ መፈረም አይበቃም።

ሰናይት ፕሮቴክሽን
አባባ እንዳሉት ነው። ሴቲንጉንም 10 አምፔር አካባቢ ብታደርጉት ይስማማል። ፎልቱ ሌላ መስመር ላይ ሲሆን ጤነኛው ፊደር የራሱን የካፓሲታንስ ከረንት ብቻ ይመልሳል፤ 2 ኪሎ ሜትር ኬብልና አንድ ሰርጅ ካፓሲተር ያለው ቢሆን 4 አምፔር ያህል ነው፣ በስህተት አይከፍትም። ጉድለቱ፣ ከ100 አምፔር 10 ላይ ሲቆረጥ በዋይንዲንጉ ስታር ነጥብ አጠገብ ያለው 10 በመቶ ገደማ አይታይም።

የኪልን ኦፕሬተር
ይቅርታ፣ እኔ ኤሌክትሪክ አይደለሁም፣ ግን አልተስማማሁም። የኪልኑ መንጃ በመጀመሪያው ፎልት ከወደቀ ኪልኑ በጋለበት ይቆማል። በረዳት ሞተር ማዞር እስክንጀምር ድረስ የከበበው ብረት ሊጎብጥ፣ የውስጡ ጡብም ሊረግፍ ይችላል። ለእኛ ያ 2 ሰዓት ሕይወት ነው። ሌላውን ሁሉ ክፈቱ፣ የኪልኑን መስመር ግን በአላርም ተዉልን።

ሰናይት ፕሮቴክሽን
ስጋትዎ እውነት ነው። ግን አንድ ባስ ላይ አንዱን ፊደር መተው አይሆንም። 100 አምፔሩ በኪልኑ ሞተር ውስጥ እየሄደ 10 ሰከንድ ካለፈ ሬዚስተሩ ራሱ ይቃጠላል፤ ከዚያ በፊት ዋናው ብሬከር ይከፍትና ሁሉም ይቆማል። ለኪልኑ ትንሽ ማዘግየት ይቻላል፣ 0.5 ሰከንድ ድረስ፤ በደቂቃ አይሆንም። ያንን መስመር በተለየ ትራንስፎርመር ከለያችሁት፣ ኬብሉ አጭር ስለሚሆን ከረንቱ ከ10 አምፔር በታች ወርዶ በአላርም መቆየት ይችል ይሆናል። ያ ግን የወጪ ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ሆኜ አልወስነውም።

የኪልን ኦፕሬተር
የረዳቱ ሞተር ዲዝል በስንት ደቂቃ እንደሚነሳ በሰዓት ለክቼ እመለሳለሁ።

ሺፍት ኤሌክትሪሺያን (ጠያቂ)
አባ ኬብል፣ አሁን ለአላርም የተገጠሙትን ቀለበቶች ሄጄ አየሁ። ከዘጠኙ ፊደር ስድስቱ ላይ የስክሪኑ ሽቦ በውጭ በኩል ነው የሚሄደው። የክራሸሩም አንዱ ነው። ያን ማታ 5 ሰዓት ሙሉ መስመሩን ያጣነው ለዚህ ነው። እሑድ በማቆሚያ ሰዓት በቀለበቱ ውስጥ እንመልሰዋለን። የሬዚስተሩን ከረንት አቅራቢው 400 ነው የሚለኝ፤ ለ100 ምክንያቱን ጽፌ ልልክለት ነው።

የሰብስቴሽን ልጅ
400ም ብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ሪሌዩ በቀላሉ ያየዋል። ቀጥታ ማሰሩን ግን ትቻለሁ፣ ስለ ስታተሩ ብረት አላሰብኩም ነበር።