ጥቆማ፦ ሕፃን ሲተኛ ተይዞ ሲነቃ የሚተው የእጅ ሥራ፣ ደሴና አካባቢዋ

ጠያቂ፣ ከደሴ
እህቶቼ፣ ልጄ 5 ወሩ ነው። እንቅልፉ አንዳንዴ 40 ደቂቃ ይሄዳል፣ አንዳንዴ 15 ሳይሞላ ይነቃል። ፈትል፣ የነጠላ ጫፍ መቋጨትና የአክርማ ስፌት እችላለሁ። ከሸማኔ ወይም ከሱቅ ተቀብዬ ብሠራ የቱ ይሻለኛል? በማንኛውም ሰዓት ጥዬው ብነሳ የማይበላሸውን ነው የምፈልገው።

ከፒያሳ
እንጀራ ጋግረሽ ለሆቴል አስረክቢ። ሊጡ እንደሆነ አድሮ ይጠብቅሻል።

ፈታይ፣ ከሐይቅ
ሊጡ እስኪቦካ ነው የሚጠብቀው። አብሲት ገብቶ ኩፍ ካለ በኋላ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። ምጣድ አግሎ ወደ ልጅ መሮጥም ለአደጋ ነው። ይሄ ይቅር።

ከሦስቱ ቋጭን እመክርሻለሁ፤ አንዱ ቋጭ ሲያልቅ ራሱን ችሎ ያልቃላ! እንበል ለአንዱ 12 ክር ያዝሽ። 6 በ6 ትከፍይና ሁለቱንም ወደ ቀኝ አጥብቀሽ ታከሪያለሽ። ከዚያ አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ግራ ትገምጂና ጫፉን ትቋጥሪያለሽ። አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ ካከረርሽ ሲገመዱ አንዱ የሌላውን ክረት ይፈታዋል። ከመቋጠርሽ በፊት ለአፍታ ልቀቂው፤ ተገምዶ ከቆየ ደህና ነው፣ ራሱ ከተከፈተ ክረቱ አንሷል ወይም አቅጣጫው ተምታቷል። ልጁ መሀል ላይ ቢነቃ የሚባክነው ያ አንዱ ብቻ ነው።

ከመቀበልሽ በፊት ጊዜውን አስቢ። የነጠላው ስፋት 90 ሳንቲ ቢሆንና በየሳንቲው አንድ ቢቋጭ፣ በሁለቱ ጫፍ 180 ይሆናል። አንዱ አንድ ደቂቃ ከፈጀ 3 ሰዓት ነው፤ በ40 ደቂቃ እንቅልፍ ሲመታ አምስት እንቅልፍ ማለት ነው። ልጁ በ15 ደቂቃ የሚነቃበት ቀን ስላለ ለማስረከብ እጥፉን ቀን ጠይቂ። መጀመሪያ 10 ቋጭተሽ ሰዓት ያዢ፣ ከዚያ በዋጋ ተነጋገሪ።

ሸማኔ፣ ከኮምቦልቻ
ፈታይዋ ልክ ብለዋል፤ ግን ፈትልንም አትናቂው፣ ለጋቢ ማግ ሁሌም እንፈልጋለን። ችግሩ መቋረጡ አይደለም፣ ስትመለሺ እጅሽ መለወጡ ነው። ጠዋት ቀጭን፣ ከሰዓት ወፍራም የተፈተለ ማግ ጋቢው ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ያኔ ገዢ ይመልሰዋል። ከመጀመሪያው ልቃቂት አንድ ስንዝር ቆርጠሽ ሙዳዩ ላይ እሰሪና በተመለስሽ ቁጥር ከሱ ጋር አስተያዪ። ስትነሺም የተሳበውን ክር እንዝርቱ ላይ ጠምጥመሽ ጨርሺ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ክረቱ ይፈታና በቀጭኑ በኩል ይበጠሳል። ሲቀጠልም ጫፉን ከባዘቶው ጋር ደርበሽ ነው የምታከሪው፤ ጫፍ ለጫፍ የተገናኘ መወርወሪያው ላይ ይለቃል። ከተደመጠና ከተነደፈ በኋላ ያለውን ባዘቶ ብቻ ውሰጂ። ንድፊያ ብናኝ አለው፣ ሕፃን ያለበት ቤት አይሠራም።

ጠያቂ፣ ከደሴ
አመሰግናለሁ። ስፌቱስ?

ፈታይ፣ ከሐይቅ
አክርማ የሚሰፋው ረጥቦ ነው። ጥለሽው ከሄድሽ ይደርቅና ስትመለሺ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ብትጠቀልዪው ትንሽ ይቆያል፤ አሳድረሽ ከረሳሽው ደግሞ ይሻግታል። ለአጭር እንቅልፍ አይመችም።

የልጅ እናት፣ ከወልዲያ
የኔዋ 1 ዓመት ከ3 ወሯ ነው፣ ትራመዳለች፣ የምትተኛው በቀን አንዴ ብቻ ነው። ለኔስ ቋጭ ይሆናል?

ጤና ባለሙያ፣ ከደሴ
ለሚራመድ ልጅ ከቋጩ ይልቅ እንዝርትና ወስፌ ያሰጋሉ፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ለ5 ወሩ ደግሞ ክሩን ተጠንቀቂ። ከቀሚስሽ የረገፈ ክር ወይም ፀጉር ካልሲው ውስጥ ገብቶ የእግሩ ጣት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ጠግቦ፣ ደርቆ፣ ያለ ምክንያት አምርሮ ካለቀሰ ካልሲውን አውልቀሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ እይ። ያበጠ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ጣት ካየሽ ክሩ ባይታይሽም ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ እብጠቱ ክሩን ሊሸፍነው ይችላል። ሥራውን ልጁ ከሚተኛበት ራቅ ብለሽ ሥሪ፣ ሽርጥ ልበሺና ከማንሳትሽ በፊት አውልቂው።

ከፒያሳ
ታዲያ በገንዘብ ፈትል አይበልጥም?

ሸማኔ፣ ከኮምቦልቻ
ማግ እኩል ከሆነ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ፈታይ፣ ከሐይቅ
እኔ አልስማማም። ፈትል በሚዛን ነው የሚከፈለው፣ ቀጭን የፈተለች ደክማ ሚዛኑ ይቀልባታል። ቋጭ በቁጥር ስለሆነ ሂሳቡ አይጠፋም። አብሽሪ እህቴ፣ አንድ ነጠላና አንድ ልቃቂት ሠርተሽ ለእያንዳንዱ የፈጀብሽን ሰዓት ጻፊ፤ ክፍያውን በሰዓቱ ስታካፍዪው ለአንቺ እጅ የቱ እንደሚሻል ይታወቃል።