ኳንተም ኮፒው ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ ከደሴ ነኝ። የማይታወቅ ኪዩቢት መገልበጥ እንደማይቻል የሚያሳየውን ማረጋገጫ ነገ ለጓደኞቼ ላስረዳ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየሠራሁ ነው።

የማይታወቅ ኪዩቢት የሚገለብጥ ማሽን U አለ እንበል። |0⟩|0⟩ ሲገባ |0⟩|0⟩፣ |1⟩|0⟩ ሲገባ |1⟩|1⟩ ያወጣል። እስከዚህ ሰላም ነው፣ ሲኖት ጌትም ይህንኑ ይሠራል። አሁን a|0⟩+b|1⟩ ላስገባ። U ሊኒያር ስለሆነ የሚወጣው ይህ ብቻ ነው፦

a|00⟩+b|11⟩

እውነተኛ ኮፒ ቢሆን ግን ይህ ነበር መውጣት ያለበት፦

a²|00⟩+ab|01⟩+ab|10⟩+b²|11⟩

ሁለቱ እንዲገጥሙ ab=0 መሆን አለበት። ማለትም ማሽኑ |0⟩ን ወይም |1⟩ን ብቻ ነው የሚገለብጠው።

ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ረዳት ኪዩቢት ብንጨምርለትስ? ስሞክረው a|00⟩|m₀⟩+b|11⟩|m₁⟩ መጣ። ያ |01⟩ አሁንም የለም! ማረጋገጫው በዚህ አለቀ ማለት ነው ወይስ የዘለልኩት ነገር አለ?