ማስታወቂያ ላልወጣበት ሥራ ለስታርትአፕ መሥራች ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ የአፕ ዲዛይነር ነኝ። ለነጋዴዎች ደረሰኝ የሚያዘጋጅ አፕ ካለው ትንሽ ስታርትአፕ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያ ግን አላወጡም። አፑ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከማውጣቱ በፊት 11 ነገር ያስሞላል፤ ስሞክረው 4 ደቂቃ ፈጀብኝ። ይህን ማሳጠር እችላለሁ። ለመሥራቹ እንዴት ልጻፍለት? ሲቪስ ላያይዝ?

መላሽ 1፦ ሲቪውን ተዪው። ይልቅ አፑን በሙሉ እንደ አዲስ ዲዛይን አድርገሽ ላኪለት፤ ችሎታሽን ያን ጊዜ ያያል።

መላሽ 2፦ ስለ ሲቪው እስማማለሁ፤ የሥራሽ ናሙና ያለበት አንድ ሊንክ ይበቃል። አፑን በሙሉ መቀየሩ ግን ይጎዳሻል። ከውጭ ሆነሽ እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደገባ አታውቂም፤ የግብር ከፋይ ቁጥሩን ሕግ አስገድዷቸው ሊሆን ይችላል። መሥራቹ እንዲህ ያለ አንድ ስህተት ካየ ሌላውን አያነብም። በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ያዢ። ከ11ዱ ስንቱ ደረሰኙ ላይ እንደሚታተም ቁጠሪ። አራት ብቻ ከሆኑ መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ። አፕዎን በአዲስ ስልክ ቁጥር ሞከርኩት። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለማውጣት 11 ቦታ ሞላሁ፤ 4 ደቂቃ ፈጀ። ደረሰኙ ላይ የታተሙት ግን አራቱ ናቸው። ሰባቱ ከደረሰኙ በኋላ ቢጠየቁ ጀምሮ የሚተወው ሰው የሚቀንስ ይመስለኛል። ይህን የሚያስተካክል የሁለት ገጽ ዲዛይን በአንድ ሳምንት ማስረከብ እችላለሁ፤ ከተስማማን በቋሚነት አብሬያችሁ መሥራት እፈልጋለሁ። ሰው በብዛት የሚያቋርጠው እዚህ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትቆርጫት። ስንት ሰው የት እንደሚያቋርጥ የሚያሳየው ቁጥር ያለው እሱ ጋ ነው፤ በአንድ መስመር ሊመልስልሽ ይችላል። «አይ፣ ክፍያው ላይ ነው የሚተዉት» ቢልሽ እንኳ ትክክለኛውን ችግር ነገረሽ ማለት ነው። «ላግኝዎት?» ካልሽው ግን ቀጠሮ መፈለግ ይሆንበትና ያሳድረዋል፤ በዚያው ይረሳል።

መላሽ 3፦ እኔ ደግሞ በአንድ አፕ የሌላ ደንበኛ ደረሰኝ የሚከፍት ክፍተት አገኘሁ። ይህንኑ አቅርቤ ሥራ ብጠይቅስ?

መላሽ 2፦ ሁለቱን አታገናኛቸው። ሥራ ከጠየቅክበት ማስፈራሪያ ይመስላል። ተጨማሪ ደረሰኝ ሳትከፍት፣ ያየኸውን ብቻ ለይተህ አሳውቃቸው።

መላሽ 4፦ ክፍያው አልተጠቀሰም። የአንድ ሳምንቱን ሥራ በነፃ እንደምትሠራ ቢቆጥረውስ? ዋጋው ከመጀመሪያው ቢጻፍ ይሻላል።

መላሽ 2፦ እኔ ዋጋውን መልስ እስኪሰጥ አቆየዋለሁ፤ ችግር መኖሩን ሳያምን ዋጋ ቢሰማ መልእክቱን እንደ ሽያጭ ያየዋል። «በነፃ» የሚል ቃል ግን አይግባ።

መላሽ 4፦ አላሳመንከኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራ ነው።

ጠያቂዋ፦ 4 ደቂቃውን የለካሁት በዘገምተኛ ስልክ ነው። ልተወው?

መላሽ 2፦ አትተዪው፤ የስልኩን ሞዴል ጨምሪበት። እሱ በራሱ ስልክ ሞክሮ በሁለት ደቂቃ ከጨረሰ ግን ያጋነንሽ ይመስለዋል። የ11ዱ ቆጠራ በየትኛውም ስልክ ያው ስለሆነ እሱን አስቀድሚው።