የ4 ደቂቃ የሬዲዮ ጽሑፌ 6 ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ፤ ምን ያህል ልቀንስ?

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ። በአካባቢያችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ በቆሎን ከነቀዝ ስለመጠበቅ የማቀርበው ጽሑፍ አለኝ። የተሰጠኝ ጊዜ 4 ደቂቃ ሲሆን የመግቢያውና የመውጫው ሙዚቃም በዚያው ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ማስታወቂያው በራሱ ስለሚገባ፣ ያልጨረሰ ሰው ንግግሩ መሃል ላይ ይቆረጣል ተብያለሁ። ኢንተርኔት ላይ በደቂቃ 150 ቃል ይላል፤ የእኔ 590 ቃል ስለሆነ ልክ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን 6 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሆነ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው? ቀረጻው ሐሙስ ነው።

አቤል

150 ቃል የታወቀ መለኪያ ነው። የመጀመሪያ ንባብ ሁሌም ይንቀራፈፋል፤ ዓይን ይደናቀፋል፣ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመህ አንብበው። ምላስህ ሲለምደው ያጥራል፤ ጽሑፉን መንካት ላያስፈልግህ ይችላል።

ሚሚ

ወንድሜ፣ ቀድተህ በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም በኦዳሲቲ ክፈተውና ፍጥነቱን ጨምረው። Change Tempo የሚለው ድምፁን ሳያቀጥን ያሳጥርልሃል። እኔ የልጆች ተረት ስቀዳ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

የስቱዲዮ ሰው

ለብዙ ዓመት የሬዲዮ ጽሑፍ ሳርምና ሰዓት ስይዝ ስለኖርኩ ልግባበት።

አቤል፣ ልምምድ ያሳጥራል ያልከው እውነት ነው። ሆኖም ከስድስት ደቂቃ ተኩል ላይ ቢበዛ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚያነሳለት። 150 የሚለው ቁጥር የእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ «ከ»ን፣ «ለ»ን፣ «የ»ን፣ «እኔ»ን ለየብቻ ቃል አድርጎ ይጽፋል፤ እኛ ሁሉንም አንድ ቃል ላይ እንለጥፋለን። «ስላልነገርኳቸው» ለኮምፒዩተሩ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አምስት ስድስት ቃል ያወጣበታል። ስለዚህ በአማርኛ የቃል ብዛት ለጊዜ መለኪያነት ደካማ ነው።

ፊደል ግን ይረዳናል። የእኛ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አንድ የድምፅ ምት ስለሆነ የፊደል ብዛት ለጊዜ በጣም ይቀርባል። ወንድሜ፣ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ቁጥርና አጽሕሮተ ቃል ሁሉ እንደሚነበበው በፊደል ጻፈው። «በ2015 ዓ.ም.» ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ነው፤ አፍህ ላይ ግን «በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት» ሆኖ ስድስት ቃል ይወጣዋል። «35.5%» አንድ ይመስላል፤ ሲነበብ አምስት ነው። የባለሙያ ጽሑፍ ሰዓቱን የሚበላው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ በዎርድ የቃል መቁጠሪያው ውስጥ Characters (no spaces) የሚለውን ቁጥር ውሰድ። ሥርዓተ ነጥቡም አብሮ ይቆጠራል፤ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ ስለምትወስድ ይህ ስሌቱን አያበላሸውም። ያንን ቁጥር ለፈጀብህ ሰከንድ አካፍለው፤ የራስህ ፍጥነት ይወጣል። የሰው ፍጥነት አትዋስ።

ሚሚ እህቴ፣ ያልሽው መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ግን የሚጠቅመው መጨረሻ ላይ አምስትና ስድስት ሰከንድ ሲተርፍ ነው። በእኔ ጆሮ ከአምስት በመቶ በላይ ሲፋጠን ሰውየው የተቻኮለ ይመስላል። እሱ የሚፈልገው ከስድስት ተኩል ወደ አራት መውረድ ነው፤ በዚያ መጠን ካፋጠነው ገበሬው ምንም አይሰማም።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹን በፊደል ጽፌ ስቆጥር 2,750 ፊደል ሆነ። ለ393 ሰከንድ ሳካፍለው በሰከንድ 7 ገደማ ይመጣል። የቃሉ ቁጥር ግን ግራ ገባኝ፤ አንድ በአንድ ስቆጥር ከ590 ያንሳል።

ቃልኪዳን

ከአራት ነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ ትተው ይሆናል። ብዙዎቻችን «ነው ።» ብለን ነው የምንጽፈው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በክፍት ቦታ ስለሆነ ለብቻዋ የቆመችውን «።» ቃል ያደርጋታል። በተቃራኒው ሁለት ነጥብ እያስገቡ ቃል ሳያራርቁ የሚጽፉ አሉ፤ የእነሱ ሙሉ መስመር አንድ ቃል ይሆናል። እኔ ትርጉም በቃል ሒሳብ ስለሚከፈለኝ ይህን የተማርኩት በክርክር ነው።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

ልክ ነሽ፣ 40 ነጥብ እንደ ቃል ተቆጥሯል። እውነተኛው 550 ነው። እና አሁን ስንት ፊደል ነው የምተወው?

የስቱዲዮ ሰው

ከአራት ደቂቃ ተነሥተህ ወደ ኋላ ቁጠር። 240 ሰከንድ አለህ። ለመግቢያ ሙዚቃ 8፣ ለመውጫ 7 አውጣ፤ 225 ይቀራል። ለመጠባበቂያ 5 ሰከንድ ተው፤ 220 ሆነ። በ7 ስታባዛው 1,540 ፊደል ነው። ያለህ 2,750 ስለሆነ የሚወጣው 1,210፣ ማለትም ግማሽ ሊደርስ ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

ይህን ያህል በዓረፍተ ነገር ማሳጠር ብቻ አይገኝም። ቃል በመልቀም ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብታወጣ ነው፤ የቀረው የሚመጣው ሙሉ ሐሳብ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊት በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ጻፍና እዚህ ላክልን።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

መግቢያው 70 ሰከንድ፣ ነቀዝ የሚያደርሰው ጉዳት 85፣ ማድረቅና መድረቁን በጨው መፈተሽ 90፣ አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢት አጠቃቀም 80፣ ከረጢቱ የት ይገኛል 40፣ ምስጋናና መሰናበቻ 28።

የስቱዲዮ ሰው

ታየህ? በመግቢያው፣ በጉዳቱና በምስጋናው ብቻ 183 ሰከንድ ሄዷል፤ ነቀዝ በቆሎውን እንደሚበላ ገበሬው ካንተ በላይ ያውቃል። ሰምቶ ነገ በእጁ የሚሠራው ነገር ያለው በጨው ፈተናውና በከረጢቱ ላይ ነው። እነሱን ብዙም አትንካቸው። ለመግቢያ 15፣ ለጉዳቱ 25፣ ለማድረቅና ለጨው 85፣ ለከረጢቱ 75፣ የት ይገኛል ለሚለው 15፣ ለመሰናበቻ 5 ስጥ። 220 ሞላ።

ቃል መልቀም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንተ የላክኸው ጽሑፍ ስለሌለኝ የቢሮ ሰዎች ሁሉ የሚጽፉትን ዓይነት ልውሰድ፦

«በአሁኑ ወቅት በአገራችን በሚገኙ በርካታ አካባቢዎች የሚኖሩ አርሶ አደሮች ያመረቱትን የበቆሎ ምርት ከነቀዝ ለመከላከል የሚያስችል አቅም የሌላቸው መሆኑ ይታወቃል።»

83 ፊደል ነው፤ በአንተ ፍጥነት 12 ሰከንድ። ይህ ሁሉ የሚለው፦

«ብዙ ገበሬ በቆሎውን ከነቀዝ ማዳን አልቻለም።»

22 ፊደል፣ 3 ሰከንድ። «በአሁኑ ወቅት»፣ «መሆኑ ይታወቃል»፣ «የሚያስችል»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ» የሚሉትን ፈልግና አውጣ፤ ማንም አያጣቸውም። ግሡን ግን አትሰውረው። ዓረፍተ ነገራችን ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ሲረዝም አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ብዙ ይጠብቃል።

ቃልኪዳን

የፊደሉን ስሌት ለሙሉ ጽሑፍ እቀበላለሁ፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላምነውም። «ትምህርት» አምስት ፊደል ነው፤ አፍ ላይ ግን ሁለት ምት ነው። ሳድስ የበዛበት መስመር ከስሌቱ ይፈጥናል፤ «በተለያዩ አካባቢዎች» የመሰለው ደግሞ ይጎተታል። ፊደል መጥበቁም በጽሑፍ አይታይም። ስለዚህ 3 ሰከንድ የተባለችው 2 ወይም 4 ልትሆን ትችላለች።

የስቱዲዮ ሰው

እውነትሽን ነው። በአንድ መስመር ላይ አይሠራም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ በሆነ ጽሑፍ ላይ ነው የሚመጣጠነው። የመጨረሻው ዳኛ ሰዓቱ ነው።

አቤል

እኔም የራሴን አንድ ገጽ ሞከርኩ፤ በሰከንድ 8 ፊደል ወጣልኝ። በቃል ሲሆን በደቂቃ መቶ እንኳ አልሞላም። 150 ያልኩትን ትቼዋለሁ።

ትርሲት ከቴል አቪቭ

እኔ ደግሞ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ለቪዲዮ ድምፅ እተረጉማለሁ። የኛ ችግር ምስሉ ንግግሩን አለመጠበቁ ነው፤ ዕብራይስጡ በ10 ሰከንድ ያለቀውን የእኔ አማርኛ 14 ይወስዳል። ወንድሜ፣ እንደኔ እንዳትሳሳት፤ የጽሑፉን ጊዜ በልብህ እያነበብክ አትለካው። በልብ የሚነበብ በጣም ይፈጥናል። ቆመህ፣ ወረቀቱን ይዘህ፣ ለሩቅ ሰው እንደምትናገር ሆነህ ለካ።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

ረቡዕ ማታ ነው፤ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ምስጋናውን አወጣሁት። ጉዳቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። በመቶ የተጻፉትን ቁጥሮች ሁሉ አንሥቼ አንዱን ብቻ «ከሦስት ኩንታል አንዱ» በሚል ተካሁት። 1,530 ፊደል ሆነ። በስሌቱ 219 ሰከንድ ነበር፤ ቆሜ ሳነበው 3 ደቂቃ ከ41፣ ማለትም 221 ሆነ። ተገረምኩ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። የጨው ፈተናው ጽሑፍ እንዲህ ሆኗል፦ «በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ውሰዱ። በቆሎ ጨምሩበት። በፀሐይ የደረቀ ጨው ጨምሩ። ክደኑና አንቀጥቅጡት። ጥቂት ቆዩና እዩ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ፣ በቆሎው ገና አልደረቀም።» ጓደኛዬ ሲሰማው ፈጠነበት፤ ወደ ሁለተኛው ሥራ ስሄድ እሱ ገና የመጀመሪያውን እያሰበ ነው።

የስቱዲዮ ሰው

ጓደኛህ ትክክል ነው። ሰው በእጁ ሊሠራው የሚሰማውን ነገር በሰከንድ 7 ፊደል አትስጠው። በየትእዛዙ መካከል አንድ ሙሉ ሰከንድ ዝም በል፤ በጽሑፉ ላይም «/» ምልክት አድርግ። ለስድስቱ ዓረፍተ ነገር አምስት ሰከንድ ነው። ያንን ከከረጢቱ ክፍል ውሰድ። ሦስት ድርብርብ እንደሆነ፣ በቆሎው ከተሞላ በኋላ አየሩ እየተጨመቀ ውስጠኛው ተጠምዝዞ እንደሚታሰር፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ የውጪው እንደሚታሰር ይኑር። ነቀዙ አየር አጥቶ እንደሚሞትም በአንድ ሐረግ በለው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ከረጢቱን ቶሎ ቶሎ አይከፍተውም። አይጥ ከበሳችው ሁሉም ከንቱ ስለሚሆን እሱንም አታውጣው። ስለ ከረጢቱ አመጣጥ ያለህን ካለህ እሱን ነው የምታወጣው።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

ሐሙስ ተቀዳን። 35 ፊደል አውጥቼ አምስቱን ዝምታ አስገባሁ። ቤት ውስጥ ስሞክረው 3 ከ41 ነበር፤ ማይክሮፎኑ ፊት ግን 3 ከ29 ላይ ጨረስኩ። 12 ሰከንድ የት ሄደ?

የስቱዲዮ ሰው

ደንግጠህ ፈጥነሃል፤ አንዳንዱን «/» ዘለሃቸው ይሆናል። ጽሑፍ አትጨምርበት። እንደገና መቅዳት ከተፈቀደልህ የጨውን ክፍል ብቻ ቅዳ።

ትርሲት ከቴል አቪቭ

እኔ ግን ማይክሮፎን ፊት እዘገያለሁ እንጂ ፈጥኜ አላውቅም። መጠባበቂያው 5 ሰከንድ ይበቃል የተባለው ለሁሉም ሰው አይመስለኝም፤ እኔ 15 ነው የምተወው።

የስቱዲዮ ሰው

በቀጥታ ስርጭት ከሆነ 15 ይሻላል። በቀረጻ 5 ይበቃኛል፤ ካንቺ ጋር በዚህ አልስማማም።

የወረዳው ባለሙያ (ጠያቂ)

የጨውን ክፍል ነገ ጠዋት ድጋሚ እንድቀዳው ፈቅደውልኛል። «/» ያልኳቸውን በቀይ አስምሬባቸዋለሁ።